የወሩን ሳይሆን ጠቅላላውን አንብቡ
(በፊንስበሪ ፓርክ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ በሻይ ሰዓት አንዲት እህት ስልኳን አውጥታ የብድር ማስታወቂያ አሳየችኝና «በወር ይችን ታህል ብቻ ናት፤ ልውሰደው?» አለችኝ። እኔ የባንክ ሰው አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ነገር ግን ያንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄ፣ መልሱን ተሳስቼ፣ አምስት ዓመት ከፍዬበታለሁ። ሰብሳቢያችንም ይህንኑ ለሁላችሁ እንድናገር ስለጠየቁኝ እነሆ ቆሜያለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ታሞ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። የተጠየቀው 5,000 ፓውንድ ነበር። ከሌሊት ሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ አበዳሪ በትልቁ «9.9 በመቶ» ብሎ ጽፏል። ፎርሙን ሞልቼ ስጨርስ ግን ለእኔ የመጣው 24.9 በመቶ ሆነ።

ይህ ማታለል አይደለም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው «ሪፕረዘንታቲቭ ኤፒአር» ይባላል። ብድር ከሚፈቀድላቸው ሰዎች ቢያንስ 51 በመቶው በዚያ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ያገኛሉ ተብሎ የሚጠበቅ ዋጋ ነው። የቀሩት የበለጠ ሊጠየቁ ይችላሉ። እዚህ አገር የብድር ታሪኩ አጭር የሆነ ወይም አድራሻ የሚቀያይር ሰው ብዙውን ጊዜ ከቀሩት ወገን ነው። ስለዚህ በማስታወቂያው ቁጥር ሒሳብ አትሥሩ። መጀመሪያ «ሶፍት ሰርች» በሚባለው መንገድ የራሳችሁን ዋጋ ጠይቁ። ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ሌሎች አበዳሪዎች የሚያዩት ምልክት በመዝገባችሁ ላይ አይተውም።

ከዚያ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። በሦስት ዓመት ብከፍል በወር 192 ፓውንድ ከ10 ሳንቲም፤ በአምስት ዓመት ብከፍል በወር 139 ፓውንድ ከ35 ሳንቲም። 53 ፓውንድ ያህል ቀለለልኝ ብዬ አምስት ዓመቱን መረጥኩ። ከሥር የተጻፈውን «ቶታል አማውንት ፔያብል» የሚለውን፣ ማለትም በጠቅላላ የምትከፍሉትን፣ አላነበብኩም።

አሁን አብረን እናባዛው። 192.10 በ36 ወር 6,915 ፓውንድ ከ60 ይሆናል። 139.35 በ60 ወር 8,361 ፓውንድ ይሆናል። የተበደርኩት ገንዘብ ያው 5,000 ነው፤ የወለዱ መጠንም ያው 24.9 ነው። ቀለለልኝ ያልኩት ምርጫ ግን ከ1,445 ፓውንድ በላይ አስጨመረኝ።

ለምን ቢባል፣ ወለዱ የሚሰላው ገና ባልተመለሰው ዕዳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር የ5,000 ፓውንዱ ወለድ 93 ፓውንድ ተኩል ገደማ ነበር። 139 ስከፍል ዋናው ዕዳ የቀነሰው 46 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። 192 ብከፍል ኖሮ 98 ፓውንድ ተኩል ያህል ይቀንስልኝ ነበር። ትንሽ በከፈልኩ ቁጥር ዋናው ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ያለው ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንደገና ወለድ ይወልዳል። እኛ ነርሶች ለበሽተኛ ጉሉኮስ ስንሰቅል በሰዓት ስንት እንደሚገባ ብቻ አይተን አንሄድም፤ በድምሩ ስንት እንደሚገባም እናያለን። በራሴ ገንዘብ ላይ ግን ይህን ዘነጋሁ።

ታዲያ ሦስት ዓመቱን ብመርጥ ይሻል ነበር? እሱም አይሆንም ነበር። የባሰው ስህተቴም እዚህ ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ መደበኛ ደመወዜ ከግብር በኋላ 1,950 ፓውንድ ነበር። የቤት ኪራይ 900፣ ካውንስል ታክስ፣ መብራትና ጋዝ 210፣ ትራንስፖርት 160፣ ምግብ 280፣ ስልክና ልዩ ልዩ 60፣ ለቤተሰብ የምልከው 150፣ እቁብ 100። ሲደመር 1,860። የሚተርፈኝ 90 ፓውንድ ነው። እኔ ግን ተጨማሪ ሌሊቶች እየሠራሁ የማገኘውን 350 ፓውንድ እንደ ደመወዝ ቆጥሬ «ይበቃኛል» አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ወገቤን ታመምኩና ተጨማሪ ሥራው ቆመ። ሁለት ወር ክፍያ አለፈኝ፤ መዝገቤም ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፤ ገቢን ስትቆጥሩ ከሁሉ ደካማ የሆነውን ወር ቁጠሩ። በኤጀንሲ ወይም ሰዓቱ ባልተወሰነ ኮንትራት የምትሠሩ የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት ዘርግታችሁ ትንሹን ያዙ። እቁብንና ወደ አገር የምትልኩትንም ከወጪ አትዝለሉ። ባንኩ ባይጠይቃችሁም እናንተ እንደማታቋርጡት ታውቃላችሁ።

በዚህ መለኪያ ከ90 ፓውንዱ 25ቱን ለድንገተኛ ብተወው ለዕዳ የሚሆነኝ 65 ነው። በዚያው ወለድ በሦስት ዓመት 65 ፓውንድ የሚሸከመው 1,700 ያህል ብድር ነው፤ ጠቅላላ ክፍያውም 2,351 ገደማ ይሆናል። አነስ ያለ ብድር ወለዱ ከፍ ሊል ስለሚችል ይህም ተጠይቆ መረጋገጥ አለበት። የቀረውስ? እቁባችን 20 ሰው ነበር፤ ዕጣው 2,000 ፓውንድ። ዳኛውን ለምኜ፣ ቀድሞ ከደረሰው ሰው ጋር ተራ ብለዋወጥ ያለ ወለድ አገኘው ነበር። የቀረውን 1,300 ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ጋር መካፈል ነበረብኝ። አፍሬ አልነገርኳቸውም። ያ ዝምታ በወለድ ተከፈለ።

እንግዲህ ስልካችሁ ላይ ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት አበዳሪው ከውሉ በፊት እንዲሰጣችሁ ሕግ የሚያስገድደውን የመረጃ ወረቀት ክፈቱ። አራት ነገር ፈልጉ፤ የምትበደሩትን፣ የራሳችሁን ኤፒአር፣ የወሩን ቁጥርና ክፍያ፣ ጠቅላላ ተመላሹን። የወሩን ክፍያ በወራቱ ቁጥር ራሳችሁ አባዙት። ከጠቅላላው ጋር ካልገጠመ ምን ክፍያ እንደተጨመረ ሳታውቁ አትፈርሙ።

ከፈረማችሁ በኋላም ብትጸጸቱ በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ብድር 14 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለው። ዋናውን ገንዘብና ለተጠቀማችሁባቸው ቀናት የታሰበውን ወለድ ትመልሳላችሁ። ክፍያው ከከበዳችሁ ደግሞ እኔ እንዳደረግሁት ደብዳቤ ሳትከፍቱ አትቀመጡ። ስቴፕቼንጅና ናሽናል ዴትላይን በነፃ ያማክራሉ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ አማካሪ አያስፈልጋችሁም።

ያቺን እህት በሻይ ሰዓት አብረን ቁጭ ብለን አባዛነው። ጠቅላላውን ስታይ ስልኳን ዘጋችና «እስቲ መጀመሪያ እቁብተኞቹን ልጠይቅ» አለች። ዛሬም ከስብሰባው በኋላ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው ካልኩሌተሬን ይዣለሁ።