ከሌተር ወደ ኤፎር፦ ከህዳጉ ይልቅ ጽሑፉን መጠበቅ



በአዋሽም ሆነ በሰመራ መሥሪያ ቤቶች ፕሪንተር ውስጥ የሚገባው ወረቀት ኤፎር ነው፤ ስፋቱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር። የሚታተመው ሰነድ ግን ሁልጊዜ ለዚህ ልክ የተሰናዳ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀ መመሪያ፣ አልፎ ተርፎም በአሜሪካ እንግሊዝኛ በተስተካከለ ኮምፒውተር እዚሁ የተተየበ ሪፖርት፣ ብዙ ጊዜ ሌተር በተባለው ወረቀት ልክ ይወጣል፤ ስፋቱ 215.9፣ ቁመቱ 279.4 ሚሊ ሜትር። እንግዲህ ኤፎር ከሌተር በስፋት 5.9 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በቁመት ደግሞ 17.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አንዱ ወረቀት ከሌላው በሁሉም በኩል ቢያንስ ኖሮ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር።

ብዙ ሰው የሚያደርገው የወረቀቱን ልክ ወደ ኤፎር ቀይሮ ህዳጉን በነበረበት መተው ነው። ሌተሩ በአራቱም ጎን 2.54 ሴንቲ ሜትር ህዳግ ነበረው እንበል። ህዳጉ ሳይነካ ሲቀር መስመሩ በ5.9 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ በመስመሩ መጨረሻ የነበረው ቃል ወደ ታች ይወርዳል። ገጹ ግን ስለረዘመ ሦስት ያህል ተጨማሪ መስመር ይይዛል። አንዱ ጽሑፉን ወደ ታች ሲገፋ ሌላው ወደ ላይ ይስባል፤ የገጹ መቁረጫም የት እንደሚያርፍ መገመት ያስቸግራል። ስፋቱ በቁጥር የተወሰነ ሠንጠረዥ ደግሞ አብሮ ስለማይጠብ ቀኝ ህዳጉን አልፎ ይወጣል። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኤንተር እየደጋገመ የመታ ጸሐፊ ርእሱን ገጽ መካከል ያገኘዋል።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ መጠበቅ ያለበት ጽሑፉ የሰፈረበት ቦታ ነው፤ ለውጡን ህዳጉ ይሸከም። በአዋሽ ተዘጋጅቶ ወደ ሰመራ የሚላክ፣ «ገጽ 14ን ይመልከቱ» የሚሉ ጥቆማዎች የበዙበት መመሪያ እንውሰድ። በሌተሩ ላይ ጽሑፉ የያዘው ቦታ 16.51 በ22.86 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ከኤፎር ስንቀንስ ለጎንና ጎን 4.49፣ ለላይና ታች 6.84 ይተርፋል። ስለዚህ በዎርድ ግራ 2.24፣ ቀኝ 2.25፣ ላይና ታች እያንዳንዳቸው 3.42 ይሁኑ። የመስመሩ ርዝመትም የገጹ ቁመትም ስላልተለወጠ አንድም ቃል ከቦታው አይነቃነቅም። ራስጌውና ግርጌው ከወረቀቱ ጠርዝ ስለሚለኩ ከጽሑፉ እንዳይርቁ እነሱንም 0.88 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ይገባል። በጎኑ የተኛ ገጽ ካለ ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፦ 3.42ቱ ለግራና ቀኝ፣ ሌሎቹ ለላይና ታች። ሰነዱ ብዙ ክፍል ካለው ለውጡ የያዘው ጠቋሚው ያለበትን ክፍል ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

«ፕሪንተሩ ራሱ አሳንሶ ያትመው የለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ያትማል። ፒዲኤፍን Fit በሚለው ምርጫ ስናትም ሌተሩ ወደ 97.3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ የገጽ መቁረጫውም አይነካም። ለሚነበብ ጽሑፍ ይህ ይበቃል፤ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል 11.7 ቢሆን ዓይን አይለየውም። Actual size በሚለው ቢታተም ግን ጠርዝ ድረስ የተሣለ ክፈፍ ወይም ማኅተም ከጎኑ ይቆረጣል። ማሳነስ የማይቻለው በማስመሪያ በሚለካ ነገር ላይ ነው። የአዋሽን ሸለቆ መስኖ የሚያሳይ የ1፡50,000 ካርታ ወደ 97.3 በመቶ ሲያንስ በእውነቱ 1፡51,400 ገደማ ይሆናል፤ ግርጌው ላይ ያለው ቁጥር ግን 50,000 እንዳለ ይቀራል። በወረቀቱ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት 2 ኪሎ ሜትር ቦይ 3.9 ያህል ይለካል። የተሣለ የርቀት መስመር ካለ አብሮ ስለሚያንስ በእሱ መለካት ይቻላል፤ በጽሑፍ የሰፈረው ንጽጽር ግን ያሳስታል።

ሌላው ተቃውሞ ላይና ታች የቀረው ባዶ ቦታ አያምርም የሚል ነው። እውነት አለው። የገጽ ቁጥሩን ማንም ያልጠቀሰበት አዲስ ሰነድ ከሆነ ህዳጉን እንደልብ አስተካክሎ ጽሑፉ በአዲስ ልክ ይፍሰስ፤ ርእሶቹ Page break before ተሰጥቷቸው ማውጫው በF9 ይታደስ። ሰዎች በገጽ ቁጥር የሚጠሩት መመሪያ፣ ደንብ ወይም ውል ሲሆን ግን ውበቱ ይቅር።

ይህ ሁሉ ግን ቅርጸ ፊደሉ በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ካለ ነው። ኒያላ ወይም ፓወር ግዕዝ ከሌለ ዎርድ ሌላ ይተካና መስመሩ ሁሉ ይዛባል፤ ጥፋቱም ያለ አበሳው በወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት የገጾቹን ብዛትና የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ ቃል መዝግቡ፤ ከቀየራችሁ በኋላ አመሳክሩ፤ ለማንበብ ብቻ ለሚፈልገው ሰው የምትልኩትን በኤፎር ልክ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት።