«የለብኝም»፣ «አልነበረብኝም»፣ «አይኖርብኝም»



አሁን ፊደሉን ለይታችሁ አጫጭር ወረቀት መጻፍ ጀምራችኋል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው አንድን ነገር «የለም»፣ «አልሆነም»፣ «አይሆንም» ብለን ስለምንክድባቸው ቃላት ነው። በሰዋስው አሉታ ይባላሉ። ስትናገሩ አንደበታችሁ አይስታቸውም። ወረቀት ላይ ግን ድምፅም፣ ፊትም፣ እጅም ስለሌለ አንዲት ፊደል ነገር ታበላሻለች።

እንበልና አንዲት እናት ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው እየወረዱ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለምትኖር እንጀራ ጋጋሪ በዱቤ ይሰጣሉ። ዕዳው 300 ብር ደረሰ። ጋጋሪዋ ከፈለችና በሁለቱ መካከል ወረቀት ይጻፍ ተባለ። ምን ብላ ትጻፍ?

«ዕዳ የለብኝም» ብትል ስለ አሁን ብቻ መናገሯ ነው። ትናንት ነበረባት፣ ዛሬ የለባትም። ትክክል ነው። «ዕዳ አልነበረብኝም» ብትል ግን ያለፈውንም ካደች ማለት ነው። ዕዳ ካልነበረ እኒያ እናት 300 ብሩን በምን ተቀበሉ? ነገረኛ ሰው ቢገኝ «መልሱ» ሊላቸው ይችላል። «ዕዳ አይኖርብኝም» ካለች ደግሞ ነገሩ የሚመጣው ጊዜ ነው፤ ዛሬ መክፈሏን አይናገርም። እንግዲህ ሦስቱ ቃላት በአንድ ቦታ ይገባሉ፣ የሚሠሩት ግን ሦስት የተለያየ ሥራ ነው።

ከመካከላችሁ ቁርዓን የቀራችሁ እንደምታውቁት፣ በዓረብኛ ከግሡ በፊት የሚቆመው ቃል ራሱ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ ለአሁኑ «ላ»፣ ላለፈው «ለም»፣ ለሚመጣው «ለን» ይባላል፤ የግሡም መጨረሻ አብሮ ይለወጣል። በአማርኛ ሦስቱን ጊዜ እንዲህ በሦስት ቃል የሚለዩት «አለ» እና «ነው» የሚሉት ግሦች ናቸው። በሌሎቹ ግሦች አሁንና ወደፊት አንድ መልክ አላቸው።

«ወሰደ» የሚለውን እንይ። «እወስዳለሁ» ሲካድ «አልወስድም» ይሆናል። ከፊት «አል» ገባ፣ ከኋላ «አለሁ» ወደቀና በምትኩ «ም» መጣ። «ይወስዳል» ያለውም «አይወስድም» ይሆናል እንጂ «አይወስዳልም» አይባልም። ይህ «አልወስድም» የዘወትር ልማድንም፣ የነገን ነገርም ይይዛል። ስለዚህ ነገ ለማለት ከፈለጋችሁ «ነገ» ወይም «ወደፊት» ብላችሁ ጨምሩ። ያለፈው ግን መጨረሻው ሌላ ነው፤ «አልወሰድኩም» ወይም «አልወሰድሁም»፤ ሁለቱም ይጻፋል። እሷ ከሆነች «አልወሰደችም»፣ እኛ ከሆንን «አልወሰድንም» ነው። ባለፈ ጊዜ «አል» ለሁሉም ሰው አንድ ሆኖ ይቆማል፤ ማን እንደሆነ የሚነግረን ከ«ም» በፊት ያለው ነው። በአሁኑና በወደፊቱ ግን ከፊት ያለውም ይለወጣል፤ እኔ «አልወስድም»፣ እኛ «አንወስድም»፣ እሷ «አትወስድም»።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። አስቸጋሪው «በላ»፣ «መጣ»፣ «ሰማ»፣ «ገባ» እንደሚሉት ያሉ ግሦች ናቸው። ብሩን ያደረሰው የጋጋሪዋ ልጅ ነው እንበል። ከብሩ 50 ጎደለና ልጁ ተጠረጠረ። እሱም «ከገንዘቡ አልበላም» ብሎ ጻፈ። ይህን ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። «ላ»ን አጥብቃችሁ ብታነቡ «እሱ አልበላም» ማለት ነው፤ ያለፈ ነገር፣ የሌላ ሰው ነገር። አላልታችሁ ብታነቡ «እኔ አልበላም» ማለት ነው፤ የልማድ ወይም የወደፊት ነገር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ደግሞም ልጁ ሊል የፈለገው ከሁለቱም አንዱን አይደለም! የትናንቱን ሊክድ ከሆነ «አልበላሁም» ማለት ነበረበት። ያቺ «ሁ» ስትቀር ወረቀቱ ትናንት ስለጎደለው 50 ብር ምንም አልተናገረም። እኛ እንደምናየው ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንደዚህ ያለ ግሥ ሲገጥማችሁ «እኔ» ወይም «እሱ»፣ «ትናንት» ወይም «ነገ» የሚል ቃል አስቀድሙ። የጻፋችሁትን ነገሩን ለማያውቅ ሰው ስጡትና ያንብብላችሁ፤ አጥብቆ ማንበብና አላልቶ ማንበብ ካምታታው አስተካክሉት።

አንድ ነገር ቀረን። ከግሡ ፊት «የ» ወይም «ከ» ሲገባ «ም» ትወድቃለች፤ «አልተከፈለም» የነበረው «ያልተከፈለ»፣ «አልከፈለችም» የነበረው «ካልከፈለች» ይሆናል።

ልጁ የጎደለውን 50 ብር ሰው ጋ አስቀምጦት ኖሮ አመጣ እንበል፤ ሂሳቡም ሞላ። እንግዲህ ወረቀቱ እንዲህ ይጻፋል። ጋጋሪዋ፦ «ለወሰድኩት ጭራሮ 300 ብር ዕዳ ነበረብኝ። ዛሬ ከፍያለሁ። አሁን ያልተከፈለ ዕዳ የለብኝም።» እናትዬዋም ከሥር፦ «እኔ 300 ብሩን ተቀብያለሁ። ከዚህ በላይ አልወሰድኩም። ወደፊትም ስለዚሁ ዕዳ ምንም አልጠይቅም።»