ከላብራቶሪው በፊት የሠራነው ሒሳብ፤ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለክበባችን በተሰጠው ጥቂት ደቂቃ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ጠርሙስ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ይመስላል፤ በላዩ ግን «ቲ.ኤ.ኢ. 50 እጥፍ» ተብሎ ተጽፎበታል። ይህ ሙሙት በፈር ይባላል። የዲ.ኤን.ኤ. ቁርጥራጮችን በርዝመታቸው ለመለየት ስንፈልግ አጋሮዝ ከሚባል ዱቄት እንደ ጄሊ የረጋ ሰሌዳ እንሠራና በበፈር ውስጥ አጥልቀን ኤሌክትሪክ እንሰድበታለን። ዲ.ኤን.ኤው ወደ አዎንታዊው ዋልታ ይሳባል፤ አጭሩ ይቀድማል፣ ረጅሙ ይዘገያል። በፈሩ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል፤ የሙሙቱም አሲድነት እንዳይለዋወጥ ይጠብቃል።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሁሉ ነገሩን ቶሎ ይረዳል። ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ ይቀመጣል፤ በኋላ በውኃ ይቀጥናል። የኛም ጠርሙስ ድፍድፍ ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው ሃምሳ ጊዜ ከቀጠነ በኋላ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ግን በዓይኗና በምላሷ ትለካለች፤ እኛ መቅመስ ስለማይፈቀድልን በሒሳብ እንለካለን።

ድፍድፉን መምህራችን ያዘጋጁት እንዲህ ነው። ለ1 ሊትር 242 ግራም ትሪስ የሚባል ዱቄት፣ 57.1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አሴቲክ አሲድና 100 ሚሊ ሊትር ባለ 0.5 ሞላር ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ያስፈልጋል። ዱቄቱ በጥቂት ውኃ ከሟሟ በኋላ የቀረው ይገባል፤ በመጨረሻም ጠቅላላው 1 ሊትር እስኪሆን ውኃ ይሞላል። በ1 ሊትር ውኃ ላይ ዱቄቱን መጨመር ግን ስሕተት ነው፤ ዱቄቱም አሲዱም ቦታ ስለሚይዙ ሙሙቱ ከ1 ሊትር ይበልጣል፣ ይቀጥናልም። የትሪስ 1 ሞል 121.14 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 242 ግራም 2 ሞል ያህል ነው፤ በ1 ሊትር ውስጥ ሲሆን 2 ሞላር እንለዋለን። ሃምሳ ጊዜ ሲቀጥን 0.04 ሞላር፣ ማለትም 40 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ለገንዳውና ለሰሌዳው በጠቅላላው 600 ሚሊ ሊትር በፈር ያስፈልገን ነበር። የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው፦

C1 × V1 = C2 × V2

50 × V1 = 1 × 600 ስለሆነ ከድፍድፉ የሚወሰደው 12 ሚሊ ሊትር ነው፤ ውኃው 588 ነው። አንዳንዶቻችን 600 ውኃ ልንጨምር ነበር። እዚህ ላይ የሚመጣው ልዩነት 2 በመቶ ስለሆነ አይታወቅም። ሁለት ጊዜ ብቻ የሚቀጥን ሙሙት ቢሆን ግን በ300 ላይ 300 በመጨመር ፈንታ 600 የጨመረ ሰው ግማሹን ሳይሆን ሲሶውን ያገኛል።

የደረሰብን ጉዳት ከዚህ የመጣ አልነበረም። በመደርደሪያው ላይ ሌላ «10 እጥፍ» የሚል ጠርሙስ ነበረ። ሒሳቡን ማታ የሠራነው ለርሱ ነበርና 60 ሚሊ ሊትር የሚል ወረቀት ይዘን ገባን፤ ጠዋት ግን እጃችን ያነሣው ባለ 50ውን ነው። ሰሌዳውንም ገንዳውንም በዚያው ሠራን። የላምዳ ቫይረስን ዲ.ኤን.ኤ. ሂንድ ሦስት በሚባለው ኤንዛይም የተቆረጠውን አስገባን፤ መምህራችን ያገኙልን ለሁለት ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር።

ቮልቱ ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ የኛ የአምፔር ቁጥር ከነርሱ ብዙ ይበልጥ ነበር። ምልክቱ ይኸው ነበር፤ እኛ ግን «የኛ መሣሪያ ጎበዝ ነው» ብለን ሳቅን። ጥቂት ቆይቶ ገንዳው ሞቀ፣ ሰሌዳውም ለሰለሰ፤ በቀለም ስናየው በመስመሮች ፈንታ ጉም የመሰለ ነገር ብቻ አገኘን።

መምህራችን አልተቆጡም። «ከእጥፉ ቁጥር ይልቅ ከሞላሩ ተነሡና ወደ ኋላ አስሉ» አሉን። 2 ሞላር × 60 ÷ 600 = 0.2 ሞላር፤ ይኸውም 200 ሚሊ ሞላር፣ ከሚገባው 40 አምስት እጥፍ ነው። ጨው ሲበዛ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ሙቀት ነው። ወደ ገንዳው ሳናፈስ ብንደርስበት ኖሮ 2400 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምረን 3 ሊትር ደኅና በፈር ባገኘን ነበር።

በማግሥቱ ከመቅዳታችን በፊት አንዱ የጠርሙሱን ጽሑፍ ጮኾ አነበበ፤ ሌላው 2 × 12 ÷ 600 ብሎ 0.04 ማግኘቱን ጻፈ። በቀረችው ዲ.ኤን.ኤ. ሠራን። ኤንዛይሙ ላምዳን 8 ቦታ ይከፋፍለዋል፤ ከሁሉ አጭር የሆኑት ሁለቱ ደብዝዘው አልታዩንም፣ ስድስቱን ግን ቆጠርናቸው። ፎቶግራፉ ከመውጫው በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ በስተግራው ያለው ጉምም የኛው ነው።