ሽንኩርቱን ከመዳፋችን ወደ መክተፊያው
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)

እዚህ ስቆም የለመዳችሁት የቁጠባችንን ሂሳብ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን እንደምታዩት የያዝኩት መዝገብ ሳይሆን ቢላዋ ነው። ሰበቡን ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር ለአንዲት አባላችን ለቅሶ ተሰብስበን ወጥ ስንሠራ፣ አንዲት ወጣት እህታችን ሽንኩርቱ ሲወጣ እሷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ስትሄድ አየኋት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ቀስ ብዬ ብጠይቃት፣ «እትዬ፣ መክተፍ አልችልም፤ ሁሉም እየሮጠ ሲከትፍ እኔ አንዱን ስጨርስ እንዳይስቁብኝ አፍሬ ነው» አለችኝ። አልሳቅሁባትም። እኔም እስከ 31 ዓመቴ ያንኑ ስሠራ ነው የኖርኩት። ስሟን ሳልጠራ ይህን እንድናገር እሷው ፈቅዳልኛለች።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነው ያደግሁት። ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት የእናቴና የታላቅ እህቴ ሥራ ነበር። እኔ ማዕድ ቤት ብቅ ካልኩ «አንቺ ሂጂ አጥኚ» እባላለሁ። ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ሥራ ይዤ፣ ቤት ተከራይቼ ስወጣ የማውቀው ከሩቅ ያየሁትን ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱን ግራ መዳፍ ላይ ይዞ፣ አናቱን በቢላዋ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ጫር ጫር አድርጎ፣ ከዚያ ወደ አውራ ጣት እየሳቡ ወደ ድስቱ ማርገፍ። እንደዚያ ስሠራ አንድ የሰኔ ማታ የአውራ ጣቴን ሥር ቆረጥኩት። አራት ጊዜ ተሰፋ። ሰኔ 30 የሂሳብ መዝጊያ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደረሰኝ በግራ እጄ መግለጥ አልቻልኩም ነበር።

እናቶቼ አትቆጡኝ። በመዳፍ ላይ 40 ዓመት የከተፈች እጅ የት ላይ መቆም እንዳለባት ታውቃለች፤ ልማዳችሁን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። ለጀማሪ ግን ያ መንገድ አይሆንም። ቢላዋው የሚሄደው ወደ እጅ ነው፤ የሚያቆመው ነገር ደግሞ የራሷ ቆዳ ብቻ ነው። መክተፊያ ላይ ግን ቢላዋው ወደ እንጨት ነው የሚሄደው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን እናስተካክል። መክተፊያው እንጨትም ይሁን ፕላስቲክ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አጥፋችሁ አንጥፉ። በእጃችሁ ገፋ አድርጉት፤ ከተንሸራተተ ጨርቁን እንደገና አርጥቡ። ጠረጴዛ የሌላት በርጩማ ላይ ተቀምጣ መክተፊያውን ፊት ለፊቷ ባለ ሌላ በርጩማ ላይ ታድርግ፤ ጭን ላይ ባለ ትሪ ግን አትክተፍ።

ቢላዋውም ውድ መሆን የለበትም። ይህ የያዝኩት ከገበያ የተገዛ ተራ ባለ ፕላስቲክ እጀታ ቢላዋ ነው። ዋናው ስለቱ ነው። ዱልዱም ቢላዋ ብዙ መጫን ይፈልጋል፤ በኃይል የተጫነ ቢላዋ ደግሞ ከሚያዳልጠው የሽንኩርት ቆዳ ላይ ወደ ጣት ይንሸራተታል። መሳያ ከሌላችሁ የሻይ ኩባያ ገልብጡና ታቹን ዳስሱት፤ ብዙዎቹ ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት አላቸው። ስለቱን እዚያ ላይ አጋድማችሁ፣ ጀርባውን የትንሿ ጣታችሁ ጫፍ ውፍረት ያህል ብቻ ከፍ አድርጉና ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ ሳቡት። በአንዱ ጎን 10 ጊዜ፣ በሌላው ጎን 10 ጊዜ። ከዚያ አጥባችሁ በቲማቲም ሞክሩት፤ ሳትጫኑት ቆዳውን ከቆረጠ በቂ ነው። ጥርስ ያለው ቢላዋ ግን በዚህ አይሳልም፤ ሽንኩርቱንም እየቀደደ ነው የሚቆርጠው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። ሽንኩርት ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ በኩል ቅጠሉ የነበረበት ሹል አናት፣ በሌላው ጸጉር የመሰለ ሥር። የዛሬው ነገር ሁሉ ያለው ይህን ሥር ባለመቁረጥ ላይ ነው። ሽንኩርት እንደምታውቁት ድርብርብ ነው፤ ድርብርቦቹን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ ያቆመው ሥሩ ነው። እኛ ግን ስንልጥ መጀመሪያ እሱን ቆርጠን እንጥላለን፤ ከዚያ ሽንኩርቱ ይበታተንና እጃችን እሱን ለመሰብሰብ ስለቱ ሥር ይገባል።

አናቱን ብቻ የጣት ጥፍር ስፋት ያህል ቁረጡ። ሽንኩርቱን በተቆረጠው ፊቱ አቁሙት፤ ሥሩ ወደ ላይ ይሆናል፣ ሽንኩርቱም አይንከባለልም። ከዚያ በሥሩ መሐል አድርጋችሁ ለሁለት ክፈሉት። እያንዳንዱ ግማሽ የሥሩን ግማሽ ይዟል። የምትልጡት አሁን ነው፤ ከተከፈለ በኋላ ቅርፊቱ ከአናቱ ጀምሮ በአንዴ ተገፎ ይመጣል። ከቅርፊቱ ቀጥሎ ያለው ሽፋን ቀጭንና ደረቅ ከሆነ እሱንም አብራችሁ አንሱት፤ ቢላዋ የሚያዳልጠው እሱ ነው።

ግማሹን በጠፍጣፋው ፊቱ አስተኙት፣ ሥሩ ከእናንተ ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይሁን። የቢላዋውን ጫፍ ከሥሩ አንድ የጣት ስፋት ያህል ቀደም ብላችሁ ትከሉና ወደ ራሳችሁ በኩል ሳቡት፤ እጀታውን ዝቅ እያደረጋችሁ እስከ መክተፊያው ይድረስ። ቀጥሎ ሌላ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ። ለጀማሪ በመስመሮቹ መካከል የእርሳስ ውፍረት ያህል ይብቃት፤ እጇ ሲለምድ እያጠበበች ለዶሮ ወጥ የክብሪት እንጨት ውፍረት ድረስ ታወርደዋለች። ዳርና ዳር ላይ ስትደርሱ ቢላዋውን ወደ መሐል ጋደል አድርጉት፤ አለዚያ ከጎን የሚወጡት ቁራጮች ረጃጅም ይሆናሉ።

አንዳንድ ምግብ አብሳዮች ከዚህ በኋላ ቢላዋውን አጋድመው ከጎን ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። እናንተ ተዉት። ቢላዋው ወደ ያዘው እጅ የሚሄደው እዚያ ጋ ነው፤ ሽንኩርቱ በተፈጥሮው ድርብርብ ስለሆነ ያንን ቁርጥ እሱ ራሱ ሠርቶልናል።

አሁን ሽንኩርቱን አዙሩት፤ ሥሩ ወደ ግራ፣ አናቱ ወደ ቀኝ። (ግራኝ የሆነች በተቃራኒው።) ከቀኝ ጀምራችሁ አግድም ስትቆርጡ ክትፉ በራሱ ይረግፋል። እዚህ ላይ የግራ እጃችሁን እዩልኝ። ጣቶቼ አልተዘረጉም። የሆነ ነገር እንደምቧጥጥ ጫፎቻቸውን ወደ ውስጥ አጥፌያቸዋለሁ፣ አውራ ጣቴ ከኋላቸው ተደብቋል። የቢላዋው ጎን የመካከለኛ ጣቴን አንጓ እየነካ ይወርዳል። ስለቱን ከአንጓው በላይ ካላነሳሁት ሊቆርጠኝ አይችልም። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ አንጓው ትንሽ ወደ ግራ ያፈገፍጋል፣ ቢላዋው ይከተለዋል። መጀመሪያ ቀን እጃችሁ ይደክማል፣ ጣታችሁም ሳታውቁት ይዘረጋል። በዚያን ጊዜ ቁሙና እንደገና እጠፉት።

ሥሩ አጠገብ ስትደርሱ ጉቶው ጠባብና ረጅም ይሆናል፤ መወዛወዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው ጣቱን የሚያጣው እዚህ ነው፤ «ይቺን ልጨርስ» ሲል። አትጨርሱ። ጉቶውን በሰፊው ጎኑ አስተኙት፣ የሚቆረጠውን ቁረጡ፣ ሥሩን ጣሉት። የሚባክነው ከግማሽ ማንኪያ አይበልጥም። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ብክነት አልወድም፣ ግን ይህችን ወጪ ከአራት ስፌት ጋር አመዛዝኜዋለሁ።

ፍጥነቱስ አላችሁኝ። አንድ ቀን ቆጠርኩት። በመዳፌ ላይ ስከትፍ ለአንድ ሽንኩርት ከ100 በላይ ጊዜ ቢላዋ አነሳ ነበር። እንዲህ ሲሆን በእርሳስ ውፍረት ለአንድ ግማሽ 9 ቁርጥ በርዝመቱ፣ 9 በአግድም፤ ለሙሉው ከነመክፈሉ 40 እንኳ አይሞላም። እጄ አልፈጠነም፣ የቁርጡ ብዛት ነው የቀነሰው። አንድ ኪሎ፣ ማለትም 9 መካከለኛ ሽንኩርት፣ በድሮው መንገድ 45 ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። በመክተፊያው የመጀመሪያ ቀን 25፣ ከወር በኋላ 12 ደቂቃ። ለማፍጠን ብላችሁ ግን እጃችሁን አታስሩጡ፤ ይልቅ ሥራውን በዙር አድርጉት። መጀመሪያ ሁሉንም ክፈሉ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ላጡ፣ ከዚያ ሁሉንም ክተፉ።

«በመፍጫ አይቀልም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ይቀላል። ግን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃው ይወጣና ቁሌቱ ከመጠበስ ይልቅ ሲቀቀል ይቆያል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የለም።

ስለ እንባው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ዓይን የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይፈጥራሉ። ይህን ጋዝ የሚሠራውን ኢንዛይም የጃፓን ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ለይተው አሳውቀዋል። ዱልዱም ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ጋዙን ያበዛዋል፤ መክተፊያው በጭማቂ ከራሰ ቢላዋችሁን ሳሉ ማለት ነው። የክብሪት እንጨት በጥርሴ ይዤም ሞክሬአለሁ፤ እንጨቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ። የሚረዳው የተቆረጠውን ፊት ወደ መክተፊያው ደፍቶ ማቆየትና መስኮት ከፍቶ ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ መቀመጥ ነው። ዓይናችሁ ከደበዘዘ ቢላዋውን አስቀምጡ፤ በሽንኩርት እጅ ግን ዓይን አትጥረጉ።

ቢቆርጣችሁስ? ቡና አትነስንሱበት። በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ እጃችሁን ከፍ አድርጉና ሳትገልጡ 10 ደቂቃ ተጫኑት። ከዚያም ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ከተከፈተ፣ ወይም ጣቱ ከደነዘዘና አልታጠፍ ካለ ጅማት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቢላዋ ከእጃችሁ ካመለጠ ለመያዝ አትሞክሩ፣ እግራችሁን ሰብስቡ። ሲያልቅም አረፋ ያለበት ሳፋ ውስጥ አትክተቱት፤ ቀጥላ የምታጥበዋ ሴት አታየውም።

እዚህ ጠረጴዛው ላይ 6 ሽንኩርትና 3 መክተፊያ አስቀምጫለሁ። ጨርቆቹ ረጥበዋል። ያቺ ዕቃ ማጠብ የምትወደው እህታችን የመጀመሪያውን ትክፈልልን፤ እናቶቼ ደግሞ ጣቶቿን ብቻ እያያችሁ ሲዘረጉ ንገሯት።