የምስርና የቅንጬ ምሳ፦ አሰሩ የሚቀነሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው



ባለፈው ስብሰባችን ላይ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት «ምስርና ቅንጬ ስበላ ካርቦሃይድሬቱን እንዴት ልቁጠረው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። መልሱን ዛሬ በርሳቸው ሳህን ላይ ሠርተን እናሳያለን።

በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ሁሉ ወደ ስኳርነት አይለወጥም። አሰር፣ ማለትም ፋይበር የሚባለው ክፍል፣ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል። ስለዚህ አሰሩን ከጠቅላላው ላይ ስንቀንስ፣ ስኳር ሆኖ ወደ ደም የሚገባው መጠን በግምት ይገኛል።

እኚህ እናት ለምሳ የሚያቀርቡት 200 ግራም የበሰለ ምስርና 150 ግራም የበሰለ ቅንጬ ነው እንበል። ምስሩ 40 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 16ቱ አሰር ስለሆነ የሚቀረው 24 ነው። ቅንጬው 28 ያህል አለው፤ 7ቱ አሰር ነውና 21 ይቀራል። ባንድ ላይ 45 ግራም መሆኑ ነው። አሰሩ ባይቀነስ ኖሮ 68 ይሆን ነበር።

ታዲያ ስህተቱ የሚመጣው የት ነው? እሽጉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ስናነብ ነው። በአሜሪካ እሽጎች ላይ አሰሩ በጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ሥር ገባ ብሎ ይጻፋል፤ ይህ ማለት በውስጡ ተቆጥሯል ማለት ስለሆነ እንቀንሰዋለን። በአውሮፓ እሽጎች ላይ ግን አሰሩ ራሱን ችሎ በሌላ መስመር ይጻፋል፤ ከካርቦሃይድሬቱ ላይ አስቀድሞ ወጥቷል። እዚያ ላይ እንደገና ብንቀንስ 45 የነበረው 22 ይሆንብናል፤ የበላነውን በግማሽ አሳንሰን ቆጠርን ማለት ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚህ ቁጥር ቢሄድ መድኃኒቱ ያንሰዋል፣ ስኳሩም ይወጣል።

ሌላው ነገር ሚዛኑ ነው። እሽጉ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለጥሬው ነው። 100 ግራም ጥሬ ምስር ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ወደ 250 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የጥሬውን ቁጥር ይዞ የበሰለውን መመዘን አይሆንም፤ ወይ ሳይበስል ይመዘን፣ ወይ የበሰለውን ቁጥር እንያዝ።

በመጨረሻም፣ ይህ ሒሳብ ግምት መሆኑን አንርሳ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ መጠኑ የታዘዘላችሁ በጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ይሁን ወይስ አሰሩ ተቀንሶ፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አቆጣጠራችሁን አትለውጡ። የታዘዘው በጠቅላላው ከሆነና እናንተ ቀንሳችሁ ከቆጠራችሁ መድኃኒቱ ያንሳል፤ በተገላቢጦሹ ደግሞ ይበዛና ላብና መንቀጥቀጥ ይዞ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መለኪያው ያላችሁ፣ ከምግቡ በፊትና መብላት ከጀመራችሁ 2 ሰዓት በኋላ ለኩና ጻፉት፤ ሳህናችሁ ምን እንዳደረገ የሚነግራችሁ እሱ ነው።