ከታች የሚመጣው ድምፅ

ትናንት ወደ ሲግናል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የማሕሙድ አሕመድ «ኤረ መላ መላ» ተከፍቶ ነበር። ዘፋኙና ሳክስፎኑ ጥርት ብለው ይሰማሉ፤ ባስ ጊታሩ ግን የለም። ቤት ገብቼ በማዳመጫ ደገምኩት፤ የአይቤክስ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ከሥር ሆኖ ዘፈኑን ሲያራምድ አገኘሁት።

የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ለማሰማት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ የታክሲና የስልክ ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ አቅሙ የላቸውም። ባሱን የምንዘነጋው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ስላልደረሰን ነው።

ሲደርሰን ግን የዘፈኑን ስሜት ሲቀይር ይታወቃል። ጊታሩ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይዞ ሳለ ባሱም ዶን ቢመታ ድምፁ ብሩህ ነው። ባሱ ወደ ላ ሲወርድ፣ ጊታሪስቱ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ያው ድምፅ ትካዜ ይለብሳል።

በሮክ ደግሞ የክዊንን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» እንውሰድ። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ የጻፈው ባሲስቱ ጆን ዲከን ነው። ባሱ አንዷን ኖታ ሦስት ጊዜ ይመታና ዝም ይላል። በእኔ ጆሮ ዘፈኑን የሚሸከመው ያ ዝምታ ነው፤ ከበሮው ብቻውን ሲቀር አድማጩ የባሱን መመለስ ይጠብቃል። ጊታሩ የሚገባው እዚያም እዚህም ነው።

ማታ በማዳመጫ ክፈቱትና ዘፋኙን ትታችሁ ባሱን ብቻ ተከተሉ።

(ሙዚቃ፦ ባሱ ብቻውን ይገባል)