ጥሩርና የጦር መዶሻ



የዛሬው ንግግሬ መከላከያና መሣሪያ አንዱ ሌላውን እያስገደደ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚመለከት ነው። በአገራችን የጦረኛው መከላከያ በአብዛኛው የቆዳ ጋሻ ነበር። ስለዚህ የሾተል ጥምዝ ስለት ጋሻውን ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ለመድረስ ያገለግል ነበር። መከላከያው በሰውነት ላይ ሲገጠም ግን ዞሮ የሚደረስበት ጎን ይጠባል፤ አውሮፓን የገጠማትም ይኸው ነው።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ፈረሰኛ ይለብሰው የነበረው የቀለበት ጥሩር ስለትን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ተጣጣፊ በመሆኑ የምቱን ኃይል ወደ አጥንት ያሳልፋል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት በጉልበት፣ በክርንና በደረት ላይ ላሜራ ተጨመረበት። በ15ኛው መጀመሪያ የሚላኖ አንጥረኞች መላ ሰውነትን የሚሸፍን፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥሩር ይሠሩ ነበር። የደረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የክንዱና የእግሩ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ሰይፍ በዚህ ላይ ለምን ደከመ? የሰይፍ ክብደት የሚበዛው ወደ እጀታው ነው። በሚመታው ነጥብ ላይ የሚሠራው ክብደት 0.4 ኪሎ ግራም፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 12 ሜትር ነው ብለን እናስብ፤ ጉልበቱ 29 ጁል ገደማ ይሆናል። የብረት ቆመጥ ግን ክብደቱ በራሱ ላይ የተከማቸ ነው። በዚያው ፍጥነት 0.8 ኪሎ ግራም ቢመታ 58 ጁል ያህል ያደርሳል። በተጨማሪም ሰይፉ በክቡ ላሜራ ላይ ይንሸራተታል፤ የቆመጡ ክንፎች ግን ጠርዛቸው ላሜራውን ስለሚይዝ ምቱ አያመልጥም።

የጦር መዶሻ ይህንኑ አሳብ ያራምዳል። በአንድ ወገን ደንዳና ራስ፣ በሌላው እንደ ወፍ መንቁር የሾለ ጫፍ አለው። ጫፉ ኃይሉን በጥቂት ስፋት ላይ ስለሚያከማች ስሱን ላሜራ ሊበሳ ይችላል። የላሜራ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ለመብሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚደርስ፣ ደረትን በእጅ ምት መብሳት አዳጋች ነው። ስለዚህ ብልህ ተዋጊ የሚመታው የራስ ቁሩንና መገጣጠሚያውን ነበር። የራስ ቁሩ ሳይበሳ የውስጡ ሰው ይደነዝዛል፤ የጎደጎደ የክርን ላሜራም ክንዱን ከመታጠፍ ያግደዋል። የወደቀውን ሰው በራስ ቁሩ ቀዳዳ የሚጨርሰው ጩቤ ነበር።

መዶሻውም ጉድለት አለው። አጭር ስለ ሆነ ባለቤቱ ወደ ጠላቱ መቅረብ አለበት፤ በሰያፍ ሲያርፍ ይንሸራተታል፤ የገባ ጫፍም በላሜራው ውስጥ ተነክሶ ሊቀር ይችላል።

ውድድሩን የቋጨው ጠመንጃ ነው። በ1541 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ዋና መሣሪያቸው እርሱ ነበር። ጥይትን ለመቋቋም የደረቱ ላሜራ እየወፈረ ሲሄድ ክብደቱ በዛ፤ ክብደቱን ለመቀነስም መጀመሪያ የእግሩ፣ ቀጥሎም የክንዱ ላሜራ ቀረ። ሊመታ የሚገባው ላሜራ ሲቀር መዶሻውም ሥራ አጣ።